ሲምፕሌክስ ስድስት ፒቮት ዞሮ መነሻው ላይ ተመለሰ፤ ሬሾ ቴስቱ እኩል ሲወጣ ማንን ላስወጣ?

ሜሮን_ኦአር

ሰላም ለሁላችሁ። ለኦፕሬሽንስ ሪሰርች ኮርስ ሲምፕሌክስን ራሴ በፓይተን እየጻፍኩ ነው። ትንንሽ ጥያቄዎችን በደንብ ይፈታል። አንዱ ላይ ግን አያቆምም። ኤረር አያወጣም፣ መልስም አይሰጥም፣ ዝም ብሎ ይዞራል። ጥያቄው ይኸውላችሁ፦

```
max z = (3/4)x1 - 20x2 + (1/2)x3 - 6x4

(1/4)x1 -  8x2 -      x3 + 9x4 <= 0
(1/2)x1 - 12x2 - (1/2)x3 + 3x4 <= 0
                      x3       <= 1
x1, x2, x3, x4 >= 0
```

ስላኮቹ x5፣ x6 እና x7 ናቸው። የሚገባውን የምመርጠው z ረድፍ ላይ ትልቁን ኮኤፊሸንት አይቼ ነው። የሚወጣውን በሬሾ ቴስት አገኛለሁ። ሬሾው እኩል ከወጣ ቁጥሩ ትንሽ የሆነውን አስወጣለሁ። የማሰላው በክፍልፋይ ስለሆነ የማጠጋጋት ስህተት አይመስለኝም። በየደረጃው ማን እንደገባና ማን እንደወጣ ሳሳትመው ይህን አየሁ፦

```
1: x1 ገባ  x5 ወጣ   z = 0
2: x2 ገባ  x6 ወጣ   z = 0
3: x3 ገባ  x1 ወጣ   z = 0
4: x4 ገባ  x2 ወጣ   z = 0
5: x5 ገባ  x3 ወጣ   z = 0
6: x6 ገባ  x4 ወጣ   z = 0
7: x1 ገባ  x5 ወጣ   z = 0
```

ከስድስተኛው በኋላ ታብሎው ቁጥር በቁጥር የመጀመሪያው ነው። ኮዴ ነው ወይስ ጥያቄው?

---

ቢኒ_ስታት

z ካልተለወጠ እኮ ብዙ መልስ አለ ማለት ነው። ሁሉም ዜሮ ይሰጣል። አንዱን ውሰጂና አቁሚው።

---

ናቲ_ማት

ቢኒ፣ እሱ ሌላ ነው። ይሄ ዲጀነሬሲ ይባላል። አንድ ማዕዘን ላይ ከሚያስፈልገው በላይ ገደቦች ሲያልፉ የሚመጣ ነው። ሁለት መስመር ነጥቡን ከወሰነው ሦስተኛው ትርፍ ነው። ሜሪ፣ ትርፉን ገደብ ፈልገሽ ሰርዢው፣ ችግሩ ይጠፋል። መሰረዝ ካልፈለግሽ የብላንድን ሕግ ተጠቀሚ፦ ሬሾው እኩል ሲወጣ ትንሹን ቁጥር ምረጪ። በቃ።

---

ሜሮን_ኦአር

ናቲ አመሰግናለሁ፤ ግን እኩል ሲወጣ ትንሹን ቁጥር ነው እኮ የማስወጣው። ሎጉን እይልኝ። 1ኛው ላይ x5 እና x6 እኩል ወጡ፣ x5ን አስወጣሁ። 3ኛው ላይ x1 እና x2፣ 5ኛው ላይ x3 እና x4። ሁሌም ትንሹን ነው የወሰድኩት። እንደዚያም ሆኖ ዞረ።

ትርፉ ገደብ የትኛው እንደሆነም አልታየኝም።

---

የጎንደሩ_መምህር

ሜሮን፣ ኮድሽ ጤነኛ ነው። ይህ ጥያቄ ቢል በ1955 ያቀረበው ምሳሌ ነው። ሆን ተብሎ እንዲዞር የተሠራ ነው። ከእሱ ቀደም ብሎ ሆፍማን ሌላ የሚዞር ምሳሌ አሳይቶ ነበር፣ የቢል ግን አነስ ያለና በእጅ የሚሠራ ስለሆነ መማሪያ ሆኖ ቀረ።

መጀመሪያ የቢኒን ልመልስ። ብዙ ምርጥ መልስ መኖሩን የምናውቀው መጨረሻ ላይ ነው። z ረድፍ ላይ የሚያሻሽል ኮኤፊሸንት አልቆ፣ ከቤዚስ ውጭ ካሉት የአንዱ ኮኤፊሸንት ዜሮ ሲሆን። እዚህ ግን በስድስቱም ታብሎ z ረድፍ ላይ ፖዘቲቭ ኮኤፊሸንት አለ። ሲምፕሌክስ «ገና ነኝ» እያለ ነው። ዜሮ ላይ ብታቆሚው የተሳሳተ መልስ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ትክክለኛው `z = 5/4` ነው፣ `x1 = 1` እና `x3 = 1` ላይ።

አሁን ወደ ናቲ። ያልከው በወረቀት ላይ ለምንስለው፣ ሁለት ተለዋዋጭ ላለው ጥያቄ እውነት ነው። ሦስት መስመር በአንድ ማዕዘን ካለፈ አንዱ በእርግጥ ትርፍ ነው። ከሦስት ተለዋዋጭ ጀምሮ ግን አይሠራም። መሠረቱ ካሬ የሆነ ፒራሚድ አስብ። ጫፉ ላይ አራት ገጾች ይገናኛሉ፣ ነጥቡን ለመወሰን ግን ሦስት ይበቃሉ። አንዱን ገጽ አንሣና እይ፦ ቅርጹ ፒራሚድ መሆኑ ይቀራል። ጫፉ ዲጀነሬት ነው፣ ትርፍ ገደብ ግን የለም።

የሜሮንም ጥያቄ እንደዚያ ነው። ሁለተኛውን ገደብ ብትሰርዣት `x1 = 2, x3 = 1` ሌሎቹ ዜሮ የሆኑበት ነጥብ ይፈቀዳል፤ በዋናው ጥያቄ ግን አይፈቀድም። የመጀመሪያዋን ብትሰርዣት `x3 = 0.6, x4 = 0.1` ሾልኮ ይገባል። ሁለቱም ሥራ አላቸው።

---

ሜሮን_ኦአር

እሺ ገባኝ። ታዲያ እኩል መውጣቱ ራሱ ከየት ነው የሚመጣው?

---

የጎንደሩ_መምህር

በሁለት መንገድ ይመጣል።

አንደኛው በመሀል የሚፈጠር ነው። የሚገባውን ተለዋዋጭ ከዜሮ እያሳደግሽ ስትሄጂ ቤዚስ ውስጥ ካሉት አንዳንዶቹ ይቀንሳሉ። መጀመሪያ ዜሮ የደረሰው ይወጣል። ሁለቱ እኩል ዜሮ ከደረሱ አንዱን ታስወጫለሽ፣ ሌላው ግን ዜሮ ዋጋ ይዞ ቤዚስ ውስጥ ይቀራል። የሚቀጥለው ፒቮት ላይ ያ ዜሮ የሬሾው አካፋይ ሳይሆን ተካፋይ ሆኖ ይመጣል። የሱ ረድፍ ፖዘቲቭ ቁጥር ካለው ሬሾው ዜሮ ነው። የሚገባው ተለዋዋጭ ዜሮ ሆኖ ይገባል፣ አንድ እርምጃም አልተሄደም፣ z ባለበት ይቆማል። ቤዚሱ ግን ተለውጧል።

ሁለተኛው ከመነሻው ያለ ነው፣ ያንቺም ይሄ ነው። የሁለቱ ገደቦችሽ የቀኝ ጎን ዜሮ ነው። በተግባር ይህ በጣም የተለመደ ነው። «ከድብልቁ ቢያንስ 40 በመቶ በቆሎ ይሁን» የሚል ገደብ ተለዋዋጮቹን ወደ ግራ ስታሻግሪ ቀኝ ጎኑ ዜሮ ይሆናል። «የገባው ያህል ይውጣ» የሚል የመጋዘን ወይም የቧንቧ ገደብም እንዲሁ። እንደነዚህ ያሉ ገደቦች የበዙበት ሞዴል ላይ እኩል መውጣት ብርቅ አይደለም።

አስተውሉ፣ z መቆሙ ብቻውን ዑደት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሲምፕሌክስ አንድ ነጥብ ላይ ጥቂት ቤዚስ ቀያይሮ መውጫውን ያገኛል። ዑደት የሚሆነው ያንኑ ቤዚስ ደግሞ ሲያገኘው ነው። ሕጉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ያኔ ለዘላለም ይዞራል። ቤዚሱን መዝግቦ ማወዳደር ከባድ አይደለም። የተለዋዋጮቹን ቁጥር ደርድረሽ አስቀምጪ፣ ከተደገመ ዑደት ነው።

---

ሂሩት_ሎጂስቲክስ

ይቅርታ፣ የኔ ትንሽ ለየት ያለ ነው፣ ግን ተመሳሳይ ስለመሰለኝ ልጠይቅ። የማጓጓዣ ጥያቄ ነው። ሦስት መጋዘን 20፣ 30 እና 25 ኩንታል አላቸው። ሦስት ሱቅ 20፣ 35 እና 20 ይፈልጋሉ። በኖርዝዌስት ኮርነር ስጀምር የሚሞሉት አራት ሳጥን ብቻ ናቸው። መጽሐፉ `m + n - 1` ስለሚል አምስት መሆን ነበረባቸው። u እና v ለማውጣት ስሞክር አንዱ አልወጣልኝም። ምን ጎደለኝ?

---

የጎንደሩ_መምህር

ሂሩት፣ ያው ነው፣ ልብሱን ቀይሮ ነው የመጣው። የመጀመሪያው መጋዘን 20 አለው፣ የመጀመሪያው ሱቅ 20 ይፈልጋል። አንዷን ሳጥን ስትሞይ መጋዘኑም ሱቁም በአንድ ጊዜ አለቁ። እኩል ወጡ ማለት ነው። ሁለቱንም ስለሰረዝሻቸው አንድ ሳጥን አመለጠሽ።

ዜሮ የያዘች አምስተኛ ሳጥን ጨምሪ። የትም ግን አይደለም። የሞላሻቸው (1,1)፣ (2,2)፣ (3,2) እና (3,3) ናቸው። ዜሮውን (2,3) ላይ ብታደርጊው ከ(2,2)፣ (3,2) እና (3,3) ጋር ቀለበት ይሠራል፣ የመጀመሪያው መጋዘንና ሱቅ ደግሞ ከሌላው ተነጥለው ይቀራሉ። u እና v አሁንም አይወጡም። (1,2) ወይም (2,1) ላይ ብታደርጊው ሁሉም ይያያዛል። ያቺ ዜሮ ከቤዚስ ውስጥ እንደማንኛዋም ሳጥን ትቆጠራለች።

የምደባ ጥያቄ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። አምስት ሠራተኛ ለአምስት ሥራ ስትመድቢ ቤዚሱ ዘጠኝ ሳጥን አለው፣ አንድ የሚይዙት ግን አምስቱ ብቻ ናቸው። አራቱ ሁልጊዜ ዜሮ ናቸው።

---

ሂሩት_ሎጂስቲክስ

(2,1) ላይ አደረግኩት፣ ሁሉም ወጡልኝ። እግዜር ይስጥልኝ መምህር።

---

ዳኒ_ሶልቨር

ሜሮን፣ አንድ ነገር ሞክሪ። 1ኛው ፒቮት ላይ x5ን ሳይሆን x6ን አስወጪ። ሌላ ምንም አትንኪ።

---

ሜሮን_ኦአር

ሞከርኩት። x1 ገብቶ x6 ሲወጣ z ረድፉ ይህን ሆነ፦

```
z = 0 - (3/2)x6 - 2x2 + (5/4)x3 - (21/2)x4
```

x3 ገባ፣ ሊገድበው የሚችለው x7 ብቻ ነበር፣ ወጣ። `z = 5/4`። በሁለት ፒቮት አለቀ! ያን ሁሉ ሲዞር የነበረው በአንድ ምርጫ ነው ማለት ነው?

---

ዳኒ_ሶልቨር

አዎ። x1 ዓምድ ላይ የ x5 ረድፍ 1/4 ነው፣ የ x6 ደግሞ 1/2። ሥራዬ ላይ የምንጠቀምባቸው ሶልቨሮች እኩል ሲወጣ በአብዛኛው ትልቁን የፒቮት ቁጥር ይመርጣሉ። ምክንያታቸው ዑደት አይደለም። በትንሽ ቁጥር ማካፈል የማጠጋጋት ስህተትን ስለሚያሳድግ ነው። እግረ መንገዱን ግን ይሄን ጥያቄ ይፈታልሻል።

---

የጎንደሩ_መምህር

ልክ ነው፣ ግን ዋስትና እንዳይመስላችሁ። ትልቁን ፒቮት መምረጥ ዑደትን እንደሚከለክል የተረጋገጠ ሕግ አይደለም። ይህንን ምሳሌ አመለጠ፣ ሌላ ምሳሌ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ዋስትና ያላቸው ሁለት መንገዶች ላይ ልቆይ።

አንደኛው ብላንድ በ1977 ያወጣው ነው። ናቲ ግማሹን ነው የነገረሽ። ሕጉ ሁለት እግር አለው። የሚወጣው ላይ እኩል ከሆነ ትንሹ ቁጥር። የሚገባውም ደግሞ ትንሹ ቁጥር፤ ኮኤፊሸንቱ የቱንም ያህል ይሁን፣ ፖዘቲቭ ከሆነ ይበቃል። አንቺ የመጀመሪያውን ብቻ ነበር የያዝሽው። የቢል ምሳሌ ራሱ ግማሹ ብቻውን እንደማይበቃ ምስክር ነው።

ልዩነቱ የት እንደሚመጣ በዓይንሽ እይው። አራቱ የመጀመሪያ ፒቮቶች በብላንድም ያው ናቸው። ከአራተኛው በኋላ z ረድፉ እንዲህ ነው፦

```
z = 0 + x5 - x6 + (1/2)x1 - 16x2
```

የትልቁ ኮኤፊሸንት ሕግ x5ን ይወስዳል፤ 1 ከ1/2 ይበልጣልና። በዚህ ቀለበቱ ይዘጋል። ብላንድ x1ን ይወስዳል። አሁን x3 እና x4 ረድፎች x1 ሲያድግ ያድጋሉ እንጂ አይቀንሱም፣ ስለዚህ አይገድቡትም። የሚገድበው x7 ነው። የሱ ዋጋ ደግሞ 1 እንጂ ዜሮ አይደለም። ሬሾው 2/5 ሆነ፣ z ከዜሮ ወደ 1/5 ተነሣ። ከነጥቡ ወጣን። በስድስተኛው x5 ገብቶ x4 ይወጣል፣ 5/4 ላይ እንደርሳለን።

---

ናቲ_ማት

የሚገባውንም እንደሚጨምር ልብ አላልኩትም ነበር። ግን እንዲህ ከሆነ በክፍልፋይ ስለሠራች ነው እንጂ በፍሎት ብታደርገው እኮ ትንሽ የማጠጋጋት ስህተት እኩልነቱን ይሰብረዋል። በተግባር ዑደት የለም የሚባለው ለዚህ መስሎኝ።

---

ሜሮን_ኦአር

ፍራክሽኑን አንስቼ በፍሎት አስኬድኩት። ያው ነው፣ ይዞራል።

---

የጎንደሩ_መምህር

ምክንያቱ ቀላል ነው። የቀኝ ጎን ዜሮዎቹ ንጹህ ዜሮ ናቸው። ፒቮት ስታደርጊ ዜሮ በማንኛውም ቁጥር ተባዝቶ ከዜሮ ይቀነሳል፣ ዜሮ ሆኖ ይቀራል። የማጠጋጋት ስህተት የሚገባው ኮኤፊሸንቶቹ ውስጥ ነው፣ ሬሾዎቹ ውስጥ አይደለም። እኩልነቱ ስለዚህ በፍሎትም እኩልነት ነው። ዙሩ ሲበዛ የኮኤፊሸንቶቹ ስህተት ተጠራቅሞ ምርጫውን ሊያስቀይረው ይችላል። ያኔ ግን ያመለጥሽበት ታብሎ ያንቺ ጥያቄ ታብሎ መሆኑ ያጠራጥራል።

ሁለተኛው መንገድ ያንን መሰበር ሆን ብሎ፣ በልክ ማድረግ ነው። ቻርንስ በ1952 ያመጣው ሐሳብ ነው። በመጀመሪያው ገደብ ቀኝ ጎን ላይ `e1` የምትባል ትንሽ ቁጥር ጨምሪ፣ በሁለተኛው ላይ ከእሷም እጅግ የምታንስ `e2`። የመጀመሪያው ፒቮት ላይ ሬሾዎቹ `4*e1` እና `2*e2` ይሆናሉ። እኩል አይደሉም፤ ሁለተኛው ያንሳል። x6 ይወጣል። ዳኒ «ሞክሪው» ያለሽ ምርጫ ማለት ነው፣ በሁለት ፒቮት አለቀ።

ዋስትናው ከየት መጣ? ትንንሾቹ ቁጥሮች በዚህ መልክ ከተመረጡ ቤዚስ ውስጥ ዜሮ የሚባል ዋጋ አይኖርም። ስለዚህ እያንዳንዱ ፒቮት zን በጥቂቱም ቢሆን ከፍ ያደርገዋል። ከፍ ያለ z ወደ ቀድሞ ቤዚስ ሊመልስ አይችልም። ቤዚሶች ደግሞ ቁጥራቸው የተወሰነ ነው። ዳንዚግ፣ ኦርደንና ዎልፍ በ1955 ያንኑ ሌክሲኮግራፊክ በሚባለው መንገድ ያለ ምንም ኤፕሲሎን ሠርተውታል፤ ሬሾው እኩል ሲወጣ የረድፉን ቀጣይ ቁጥሮች በፒቮቱ እያካፈሉ ከግራ ወደ ቀኝ ማወዳደር ነው። እዚህ መንገድ ላይ የሚገባውን እንደፈለግሽ መምረጥ ትችያለሽ። ከብላንድ የሚሻልበት ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

---

ሜሮን_ኦአር

ለጊዜው ብላንድን አስገባሁ፦

```python
j = min(k for k in nonbasic if c[k] > eps)
rows = [i for i in range(m) if a[i][j] > eps]
t = min(b[i] / a[i][j] for i in rows)
tied = [i for i in rows if b[i] / a[i][j] <= t + eps]
r = min(tied, key=lambda i: basis[i])
```

በስድስት ፒቮት 5/4 ሰጠኝ፣ መምህር እንዳሉት አምስተኛው ላይ 1/5 ሆነ። ሌሎቹ ጥያቄዎች ላይ ግን ከበፊቱ የበለጠ ፒቮት እየፈጀ ነው።

---

ዳኒ_ሶልቨር

የመጨረሻው መስመር ላይ `basis[i]` ማድረግሽ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው የረድፉን ቁጥር ይወስዳል። ብላንድ የሚለው የተለዋዋጩን ቁጥር ነው፣ በረድፍ ቁጥር ከሆነ ዋስትናው ይቀራል።

መዘግየቱ የሚጠበቅ ነው። ብላንድ z የሚያድግበትን ፍጥነት አያይም። አቪስና ክቫታል በ1978 ብላንድ እጅግ ብዙ ፒቮት የሚፈጅበትን ምሳሌ ሠርተዋል። ስለዚህ ትልልቅ ሞዴል ላይ ሁልጊዜ አይበራም። ትልቁን ኮኤፊሸንት እየተጠቀምሽ ሂጂ፣ z ካልተነቃነቀ ወደ ብላንድ ቀይሪ፣ z ከፍ ሲል ተመለሺ። ብላንድ ላይ ሆነሽ z እስኪያድግ ድረስ ካልወጣሽ ዋስትናው እንዳለ ነው።

ከዑደት ይልቅ ሥራ ላይ የሚያስቸግረኝ መቆም ነው። ቤዚሱ አይደገምም፣ ግን በሺህ የሚቆጠር ፒቮት z ሳይነቃነቅ ያልፋል። CPLEX የሚባለው ሶልቨር ያኔ `Perturbation started.` ብሎ ሎጉ ላይ ይጽፋል። ቁጥሮቹን ትንሽ ያናጋቸውና ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ ያናጋውን ያነሣል፣ ከዚያ ጥቂት ተጨማሪ ፒቮት ሊያስፈልግ ይችላል።

---

ሜሮን_ኦአር

ስንት ዜሮ እርምጃ ካየሁ በኋላ ልቀይር?

---

ዳኒ_ሶልቨር

እኔ ከገደቦቹ ቁጥር ጋር አያይዤ ነው የማስቀምጠው። ሦስት ገደብ ላለው ሦስት ዜሮ እርምጃ፣ ለሺህ ገደብ ሺህ። ከልምድ ነው እንጂ ማረጋገጫ የለኝም።

---

የጎንደሩ_መምህር

እኔ ደግሞ በዚህ አልስማማም። መቀያየር ውስጥ ከመግባት ሌክሲኮግራፊኩን አንዴ በደንብ መጻፍ ይሻላል። ቀያሪው ቁጥር ለአንዱ ሞዴል ሲመች ለሌላው አይመችም።

---

ዳኒ_ሶልቨር

መምህር፣ ሌክሲኮግራፊኩ እኩል የወጡትን ረድፎች ሙሉ ይፈልጋል። ታብሎ ይዛ ለምትሠራ ተማሪ ችግር የለውም፣ ረድፎቹ እጇ ላይ ናቸው። ሪቫይዝድ ሲምፕሌክስ ላይ ግን ረድፍ አውጥቶ ማየት ራሱ ዋጋ አለው። እኩል የሚወጡት ብዙ ሲሆኑ በየፒቮቱ ያን መክፈል አልፈልግም።

---

ናቲ_ማት

ሁለታችሁንም አንድ ጥያቄ። ዱዋል ሲምፕሌክስ ላይስ? እዚያ ሬሾው የሚሰላው ከ z ረድፍ ነው። ቀኝ ጎኑን ማናጋት ምን ይጠቅማል?

---

የጎንደሩ_መምህር

ቀኝ ጎኑን ማናጋት እዚያ አይጠቅምም። እኩል የሚወጡት z ረድፍ ላይ ዜሮ የሆኑ ኮኤፊሸንቶች ስላሉ ነው፣ ስለዚህ የሚናጋው c ነው። የቢኒ «ብዙ መልስ አለ» እዚህ ጋ ቦታ ያገኛል፤ መጨረሻ ላይ ያ ዜሮ ከቀረ ሌላ ምርጥ መልስ ሊኖር ይችላል።